ፕላስ ኮድ ምንድን ነው? (ቀይ በር ላላችሁ ሁሉ)

«ቀይ በር ናት፣ ሱቁን አልፈህ።» ይህን ለስንት ሞተረኛ እንዳልኩ አላውቅም። ችግሩ፣ ሰፈራችን ውስጥ የሚከብደው ቀይ በር የሌለው ቤት ማግኘት ነው። ሱቁም አንድ አይደለም። ባለፈው የእህቴን ልጅ የልደት ኬክ የጫነው ልጅ ከቤታችን ጀርባ ባለው ቅያስ ሃያ ደቂቃ ሲዞር ቆይቶ ደወለና «እህቴ፣ ሎኬሽኑ እዚህ ጋ ነው የሚለው፣ እዚህ ጋ ያለው ግን ግንብ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ግንቡ የእኛው ግንብ ነበር። በሩ ግን በሌላኛው በኩል ነው፣ ወደዚያ ለመምጣት ደግሞ እስከ ዋናው መንገድ ተመልሶ መውጣት ነበረበት። ኬኩ ደረሰ፣ ክሬሙ ግን ወደ አንድ ጎን ጋደል ብሎ።

የቤት ቁጥር የላችሁም ወይ ካላችሁኝ፣ አለን። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤት በሩ ላይ ቁጥር አለው። ግን ያ ቁጥር ለመታወቂያና ለውል ነው እንጂ ለሹፌር አይደለም። ከጎን ያለው ቤት ቀጣዩን ቁጥር ይይዛል ብላችሁ ከሄዳችሁ ትጠፋላችሁ። ቁጥር ያልወጣለት ቤት ደግሞ ፎርም ላይ የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ «አዲስ» ተብሎ ይጻፋል። እስቲ «አዲስ» የሚባል ቤት ፈልጋችሁ አግኙ።

ፕላስ ኮድ ለዚህ ነው የመጣው። የጉግል መሐንዲሶች ሠርተውት በ2014 እ.ኤ.አ. ለማንም ነፃ አድርገው የለቀቁት የቦታ መጠሪያ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ምድርን በሙሉ በትናንሽ አራት ማዕዘን ቆራርጦ ለእያንዳንዷ ቁራጭ አጭር ስም ይሰጣል። መንገድ ኖረ አልኖረ፣ ስም ወጣለት አልወጣለት፣ ግድ የለውም። የሚነሳው ከኬክሮስና ከኬንትሮስ ብቻ ነው። አንዷ ቁራጭ 14 ሜትር በ14 ሜትር ገደማ ናት፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ግቢ የምታህል።

ስልካችሁ ላይ ጉግል ማፕ ካለ ኮዱ አላችሁ ማለት ነው። ካርታው ላይ በራችሁን ፈልጉና ጣታችሁን ተጭናችሁ ያዙ። ቀይ ምልክት ይተከላል። ከታች የሚከፈተውን ሳጥን ወደ ላይ ብትስቡት የ+ ምልክት ያለበት ትንሽ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። እሱ ነው። መስቀል አደባባይን እንውሰድ፣ እዚያ አካባቢ የምታገኙት ይህን የመሰለ ነው፦

```
6GXW2Q66+4H
2Q66+4H Addis Ababa
```

ሁለቱም አንድ ቦታ ናቸው። የመጀመሪያው ሙሉው ነው፣ ዓለም ላይ የትም ሆናችሁ ብትጽፉት እዚያው ይወስዳል። ሁለተኛው አጭሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ትልቅ አካባቢ ስለሚናገሩ፣ የከተማውን ስም ከጻፋችሁ እነሱን መተው ይቻላል።

አሁን የሚገርመው ክፍል፣ ኮዱ ዝም ብሎ የተደረደረ አይደለም፣ ይነበባል። በአጭሩ ኮድ ከ+ በፊት ካሉት አራቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ያለውን ሰፊ አካባቢ ይይዛሉ። ቀጣዮቹ ሁለቱ እሱን አጥብበው ወደ 275 ሜትር ያወርዱታል። ከ+ በኋላ ያሉት ሁለቱ ደግሞ ወደ በራችሁ ያደርሳሉ። በእያንዳንዱ ጥንድ ፊተኛው ሰሜንና ደቡብን፣ ኋለኛው ምሥራቅና ምዕራብን ይቆጥራል።

ስለዚህ አንድ ፊደል ስትሳሳቱ ምን ያህል እንደምትጠፉ የሚወስነው የትኛውን እንደተሳሳታችሁ ነው። የመጨረሻውን H ከተሳሳታችሁ ችግር የለም፣ ሰውየው እዚያው አካባቢ ቆሞ ይደውላል። 2Q66 የሚለውን 2R66 ብላችሁ ከላካችሁ ግን መስቀል አደባባይ የቀጠራችሁት ሰው ወደ ምሥራቅ ገርጂ አካባቢ ይገኛል። መጀመሪያ ላይ ያለችውን 2 ወደ 3 ከቀየራችሁ ደግሞ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወጣላችኋል። ሞተረኛው ሽሮ ሜዳ ሆኖ «ደርሻለሁ» ካለ፣ የተሳሳተው ከፊት ያለው ፊደል እንደሆነ ከዚሁ ማወቅ ይቻላል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። የ9 ዲግሪ የኬክሮስ መስመር ከተማዋን መሐል ላይ ይሰነጥቃታል። ከመስመሩ ወደ ሰሜን ወጣ ሲል አጭሩ ኮድ በ2 ይጀምራል፣ ወደ ደቡብ ወረድ ሲል በX። ስለዚህ የቦሌ አየር ማረፊያ አካባቢ በX ነው የሚጀምረው። ሙሉው ኮድም ይለያያል፣ ሰሜኑ 6GXW ሲሆን ደቡቡ 6GWW ነው። የጓደኛችሁ ኮድ ከእናንተ ጋር ስላልተመሳሰለ ብቻ ተሳስቷል አትበሉት፣ እሱ ቦሌ ሆኖ እናንተ አራት ኪሎ ትሆናላችሁ።

ሌላ ጥሩ ማጣሪያ አለው። የሚጠቀመው 20 ምልክቶችን ብቻ ነው፣ እነሱም 23456789CFGHJMPQRVWX ናቸው። ከ0 ጋር እንዳይምታታ O የለም፣ 0 ራሱም የለም፣ 1ም የለም፣ Bም የለም። የተላከላችሁ ኮድ ውስጥ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ገና ሳትነሱ ተሳስቷል በሉ። በስልክ ማስጻፉን ግን አልመክርም። ሲ፣ ጂ፣ ፒ እና ቪ በታክሲ ጩኸት መሐል አንድ ናቸው። በጽሑፍ መልእክት ላኩት፣ ጥቅሙም እዚህ ነው፣ የተራ ስልክ መልእክት ይበቃዋል። የሊንክ ጣጣ የለውም፣ ወረቀት ላይም ይጻፋል፣ እናቴ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች።

እንግዲህ ኮዱ ሁሉን ይፈታል ብትሉ፣ አይፈታም። የኬኩ ልጅ የጠፋው ሎኬሽን አጥቶ አይደለም፣ ሎኬሽኑማ ነበረው። የላክሁት ሳሎን ተቀምጬ «ያለሁበትን ቦታ ላክ» ብዬ ነው። ቤት ውስጥ፣ በተለይ ፎቅ በተከበበ ሰፈር፣ ጂፒኤስ ይንሸራተታል። ይህን የምታውቁት ከሰማያዊዋ ነጥብ ዙሪያ ባለው ፈዛዛ ክብ ነው። ክቡ ሰፊ ከሆነ ስልኩ «እዚህ አካባቢ መሰለኝ» እያለ ነው። ያ መሰለኝ ነው ወደ ጎረቤት የሚወስደው። ነጥቡ ትክክል ቢሆን እንኳን ካርታው ሹፌሩን የሚወስደው ለነጥቡ ቅርብ ወደሆነው መንገድ ነው፣ ቅርብ የሚለው ደግሞ በአየር ነው እንጂ በእግር አይደለም። በመሐል ግንብ ይኑር፣ ወንዝ ይኑር አያይም። ቀበና ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፣ ማዶ የቆመ ሹፌር እጁን ሲያውለበልብለት አይቷልና።

መፍትሔው ነጥቡን ቤቱ ላይ ሳይሆን በሩ ፊት ያለው መንገድ ላይ መትከል ነው። ካርታውን ወደ ሳተላይት እይታ ቀይሩት። ጣሪያችሁን ታያላችሁ፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ መንገዱን። እዚያ መንገዱ ላይ ጣታችሁን ተጫኑና የሚወጣውን ኮድ አንዴ መዝግባችሁ አስቀምጡ። እንደ ስልክ ቁጥር ሁልጊዜ ያው ነው፣ ቢሮ ሆናችሁ ለቤት ስታዙም ያገለግላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ምግቡ ለእናቱ ሆኖ የላከው ሎኬሽን የራሱ ቢሮ ይሆናል።

የቀረው የቃላት ነው፣ እንደኔ ዋናው ሥራ ያለውም እዚህ ነው። ኮዱ ከግማሽ ከተማ አንስቶ ሰፈራችሁ ያደርሰዋል፣ የመጨረሻዋን 200 ሜትር ግን በአፋችሁ ነው የምትመሩት። እኔ አሁን የምልከው ይህ ነው፦

«ኮዱ ይኸው። ከአስፋልቱ ስትመጣ ቤተ ክርስቲያኑን በግራህ አድርገህ እለፍ። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ ያለው ቅያስ ወደ ቀኝ ይገባል፣ ኮብልስቶን ነው፣ ቁልቁል ነው። ትራንስፎርመሩ ጋ ስትደርስ ፊት ለፊቱ ቀይ በር፣ በሩ ላይ ቢጫ ቆርቆሮ አለ። ከጀርባ ባለው ቅያስ አትግባ፣ ግንብ ነው።»

እያንዳንዱ ነገር የገባበት ምክንያት አለው። «በግራ» ብቻ ማለት ምንም አይደለም፣ ሰውየው ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ካልተነገረ ግራው ቀኝ ይሆናል። «ሁለተኛው ቅያስ» ማለትም አልወድም፣ ምክንያቱም እኔ መኪና የማያስገባውን ቀዳዳ አልቆጥረውም፣ ሞተረኛው ግን ይቆጥረዋል። ስለዚህ ጥጉ ላይ ያለውን እነግረዋለሁ። ቁልቁል ማለቴ ደግሞ አዲስ አበባ ስለሆነ ነው፣ እዚህ ከተማ መንገድ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል፣ ሽቅብ መውጣት ከጀመረ እንደተሳሳተ ወዲያው ይገባዋል። «ከጀርባ አትግባ» የሚለው ደግሞ የኬኩ ትምህርት ነው፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን ቦታ አስቀድሞ መንገር።

ምልክት ስትመርጡ በማታ የሚታይና የማይነሳ ይሁን። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ ትራንስፎርመር። ሱቅ በማታ ሲዘጋ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። የሰፈር ሰው የሚያውቀውና ዛሬ የሌለ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ከፈረሱ በኋላ «ድሮ እንትን የነበረበት ጋ» የሚል መመሪያ ስንት ሰው እንዳንከራተተ አስቡት። ሃያ ዓመት ሰፈሩ ለኖረ ሰው ይገባዋል፣ ሞተረኛው ግን 20 ዓመቱ ቢሆን ነው።

ኮንዶሚኒየም ለሆናችሁ ኮዱ የሚነግረው ብሎኩን ነው እንጂ ፎቁን አይደለም፣ ከላይ ሲታይ መሬቱና አራተኛ ፎቅ አንድ ናቸው። የብሎክ ቁጥር፣ ፎቅ፣ የቤት ቁጥርና የትኛው የግቢ በር በማታ ክፍት እንደሆነ ጨምሩ። ሹፌሩ ኮድ መጻፍ የማያውቅ ከሆነም አትጨቃጨቁት። ጉግል ማፕ መፈለጊያው ላይ ከነከተማው ስም እንዲለጥፈው ንገሩት፣ ካልሆነ ከዚያው ነጥብ ሊንኩን ላኩለት።

እኛ ቤት ሞተረኛ አሁንም ይደውላል። ግን «የት ጋ ነሽ?» ማለቱ ቀርቶ «ደርሻለሁ እህቴ፣ ውሻው ታስሯል?» ሆኗል ጥያቄው።