ከሩቅ ለሚሠራ አዲስ ሠራተኛ የሚዘጋጅ የመጀመሪያ ሳምንት ሰነድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሁሉንም ነገር አንድ ሰነድ ውስጥ ከከተትንለት ምንም አይጎድልበትም።»

የቱን ማስቀደም እንዳለበት ማወቅ ይጎድለዋል። ቢሮ ቢሆን አጠገቡ ያለው ሰው «ይሄን ተወው፣ መጀመሪያ ያንን ጨርስ» ይለው ነበር። ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው ግን የሚያየው ሰነዱን ብቻ ነው። በርሊን ላለ የደንበኞች አገልግሎት ቡድን አዲስ አበባ ሆና እንድትሠራ ለተቀጠረች ልጅ 40 ገጽ መመሪያ ልኬላት ነበር። ከገጽ 1 ጀምራ ሦስት ቀን ሙሉ አነበበች። ሐሙስ ዕለት «እስካሁን ለስንት ደንበኛ መልስ አረቀቅሽ?» ስላት ድምፅዋ ጠፋ። ከረቡዕ ጀምሮ ማርቀቅ እንዳለባት የሚናገረው መስመር ገጽ 31 ላይ ነበር። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰነድ ነው የማዘጋጀው። አንደኛው የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ የሚይዝ አንድ ገጽ ነው። ሁለተኛው ሲያስፈልግ ብቻ የሚገለጥ መመሪያ ነው፤ እሱን አንብቦ መጨረስ እንደማይጠበቅ አናቱ ላይ ተጽፏል።

«የመጀመሪያው ሳምንት መተዋወቂያ ስለሆነ የሚጠበቀውን መጻፍ ገና ነው።»

አዲስ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ ላይ መሆኑን ያውቃል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ይህ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ስለዚህ ምን እንደሚጠበቅበት ካልተነገረው ራሱ ይገምታል፤ አንዱ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል፣ ሌላው ጥሪ ይጠብቃል። ለዚያች ልጅ እንደገና የጻፍኩት ገጽ ይህን ይመስል ነበር፦

ሰኞ፦ ኢሜይልሽ፣ የቡድኑ መወያያና የደንበኞች ጥያቄ መቀበያው መከፈታቸውን አረጋግጪ።
ማክሰኞ፦ መልስ አግኝተው የተዘጉ 10 ጥያቄዎችን አንብቢ፤ ያልገባሽን ጽፈሽ ላኪልኝ።
ረቡዕና ሐሙስ፦ ለ5 ጥያቄዎች መልስ አርቅቂ። ለደንበኛው አትላኪ፣ አጋዥሽ አይታ ትልከዋለች።
ዓርብ፦ 2 ቀላል ጥያቄዎችን ራስሽ መልሰሽ ላኪ።
በዚህ ሳምንት የማይጠበቅብሽ፦ ስልክ ማንሳት፣ ገንዘብ ይመለስ አይመለስ ብሎ መወሰን፣ በፍጥነት መመለስ።

«አሠራራችንን እወቂ» የሚል መስመር የለበትም። እንዲህ ያለው ነገር መቼ እንዳለቀ እሷም እኔም መናገር አንችልም፤ «5 መልስ አርቅቂ» ግን ወይ ተሠርቷል ወይ አልተሠራም። ከሁሉም በላይ የረዳት የመጨረሻው መስመር ነበር። የማይጠበቅባትን ስታውቅ ትከሻዋ ቀለል አለ።

«የስብሰባውን ሰዓት ጽፈናል፣ ግልጽ ነው።»

ሰነዱ «ሰኞ 9:00» ብቻ ካለ አዲስ አበባ ያለ ሰው በሦስት መንገድ ሊረዳው ይችላል፦ የበርሊን ጠዋት፣ የአዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ወይም በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት። በርሊን 9:00 ሲል እዚህ በክረምታቸው ጠዋት 5 ሰዓት፣ በበጋቸው ደግሞ 4 ሰዓት ነው፤ እነሱ በመጋቢትና በጥቅምት ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። ስለዚህ የሁለቱም ከተማ ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፍ፣ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለውም አይቅር። መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲጠፋ በየትኛው ስልክ አጭር መልእክት እንደሚላክም እዚያው ይግባ። ይህ ሳይጻፍ ሲቀር ሠራተኛው መቅረቱ ስንፍና መስሎ ይታያል።

«ያልገባው ነገር ካለ ይጠይቃል።»

አይጠይቅም፤ በተለይ የእኛ ሰው ገና ሳይተዋወቅ አለቃን ማስቸገር ነውር ይመስለዋል። «አትፍሪ፣ ጠይቂ» ማለቱ ብዙም አይለውጠውም። የሚለውጠው መጠየቅን ከሥራው እንደ አንዱ አድርጎ መጻፍ ነው፦ «30 ደቂቃ ሞክረሽ ካልተሳካ መጠየቅ ግዴታሽ ነው። ስለ ደንበኛ ጥያቄ አጋዥሽን፣ ስለ ይለፍ ቃልና መግቢያ የቴክኒክ ክፍሉን፣ ስለ ደመወዝና ውል የሰው ኃይሉን። መልስ በ2 ሰዓት ውስጥ ይመጣል፤ ካልመጣ ለእኔ ደውዪ።» የእያንዳንዳቸው ስምና ስልክ ከጎኑ ይቀመጣል። ሁለት ሰዓት ብሎ ቃል የገባ ቡድን ቃሉን ካልጠበቀ ግን ገጹ ገና ማክሰኞ ላይ ዋጋ ያጣል።

«ሰነዱ አንዴ በደንብ ከተጻፈ አለቀ።»

ሠራተኞቹ በየአገሩ ተበትነው የሚሠሩለት ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ መመሪያውን ለማንም ክፍት አድርጎ በየጊዜው ያርመዋል። እኛም ዓርብ ከሰዓት አንድ ሥራ ጨምረናል፦ አዲሷ ሠራተኛ ያደናገሯትን መስመሮች ራሷ ሰነዱ ላይ ታርማለች። ያቺ ልጅ መጀመሪያ ያረመችው የሰኞን መስመር ነበር። መግቢያዎቹ ቀደም ብሎ ባለው ዓርብ እንዲከፈቱና ሌላ ሰው ገብቶ እንዲሞክራቸው ጻፈች፤ እሷ ሰኞን እስከ ምሳ ሰዓት የይለፍ ቃል ስትጠብቅ ነው የዋለችው።