በድስት የወጣና በአምድ የወጣ መጠጥ ለምን ይለያያል?

የስኮትላንድ ውስኪ ሲነሳ ከገብስ ብቅል ብቻ የሚሠራው «ሞልት» እና ሌላም እህል የሚገባበት «ግሬይን» የሚሉ ስሞች ይሰማሉ። ልዩነቱ እህሉ ብቻ አይደለም፤ ማውጫውም ጭምር ነው።

ሞልት የሚወጣው በመዳብ ድስት ነው። ነገሩ ከእኛ አረቄ አወጣጥ ብዙም አይርቅም። ድፍድፉ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ የሚገኘው አልኮል ከ20 እስከ 25 በመቶ ገደማ ስለሆነ እንደ ዳግም አረቄ ይደገማል። ያኔ ወደ 70 በመቶ ይጠጋል። አብሮት የሚያልፈው ጥቂት ቅባትና መዓዛ ነው አፍ ላይ ወፈር የሚያደርገው። በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ የሚወጣው ይሰነፍጣል፣ መጨረሻው ላብ ላብ ይሸታል። ስለዚህ ለመጠጥ የሚያዘው መሃሉ ብቻ ነው።

ግሬይን ግን በረጅም አምድ ነው የሚወጣው። ውስጡ የተበሳሱ ሳህኖች ተደርድረዋል። ድፍድፉ ከላይ ይወርዳል፣ እንፋሎት ከታች ወደ ላይ ይወጣል። በየሳህኑ እንደገና የተጣራ ያህል ስለሆነ አልኮሉ ሳይቋረጥ ከ90 በመቶ ያልፋል። ከባዱ ሽታ ታች ይቀራል፤ የሚወጣው ቀለል ያለና ንጹሕ ነው። የስኮትላንድ ውስኪ ሕግ ግን ከ94.8 በመቶ በታች እንዲቆም ያስገድዳል፣ የእህሉ ጣዕም እንዳይጠፋ።

አምድ ሁሌ ቀጭን መጠጥ ይሰጣል ማለትም አይደለም። በርበን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ አብዛኛው በአምድ ይወጣል፤ ከ80 በመቶ ስለማያልፍ ግን ጣዕሙ ደልደል ያለ ነው።