የተሰመረባቸው ቃላት፦ የእንግሊዝኛ ስሕተት ፍለጋ ጥያቄዎችና አፈታታቸው

የተሰመረባቸው ቃላት ጥያቄ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናዎች ውስጥ የሚገኝ አንድ የጥያቄ ዓይነት ነው። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይቀርባል፤ ከቃላቱ መካከል አብዛኛውን ጊዜ አራት ቦታ ላይ ይሰመራል፤ በእያንዳንዱም መስመር ሥር የምርጫ ፊደል ይቀመጣል። ተፈታኙ ከአራቱ የትኛው የሰዋስው ስሕተት እንዳለበት ይለያል። ማረሚያውን እንዲጽፍ አይጠየቅም። ይህም ጥያቄውን ቀላል ያስመስለዋል፤ ብዙ ተፈታኞች ነጥብ የሚያጡት ግን ማረሚያውን በአእምሯቸው ሳይሠሩ ፊደሉን ስለሚያጠቁሩ ነው።

ስለዚህ የጥያቄ ዓይነት በአማርኛ የተሟላ ማብራሪያ ስላላገኘሁ ይህን አዘጋጅቻለሁ። ለዓመታት ተማሪዎችን ያዘጋጀሁት ለቶፍል በመሆኑ ስለ እርሱ የምለው ይበዛል።

ቶፍል የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና መሰጠት የጀመረው በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። በ1976 ፈተናው በሦስት ክፍሎች ተዋቀረ፤ ማዳመጥ፣ ሰዋስውና የጽሑፍ አገላለጽ፣ እንዲሁም ቃላትና ንባብ። ሁለተኛው ክፍል 40 ጥያቄዎች ሲኖሩት የሚሰጠው ጊዜ 25 ደቂቃ ነበር። የመጀመሪያዎቹ 15 ባዶ ቦታ የሚሞላባቸው ሲሆኑ ቀሪዎቹ 25 የተሰመረባቸው ቃላት ጥያቄዎች ነበሩ። ለአንድ ጥያቄ በአማካይ ከ40 ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ይደርሳል ማለት ነው። ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለመሄድ በዚያ ዘመን ያመለከቱ ኢትዮጵያውያን በደንብ የሚያስታውሱት ይህንን የወረቀት ፈተና ነው። በ1998 ፈተናው ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የጥያቄው ዓይነት አብሮ ገባ፤ በ2005 የኢንተርኔቱ ቶፍል ሲጀመር ግን የሰዋስው ክፍሉ ለብቻው መቅረቡ ቀረ። ይሁንና ተቋማት ለራሳቸው ተማሪዎች በሚሰጡት አይቲፒ በተባለው የቶፍል ዓይነት እነዚያ 40 ጥያቄዎች፣ በዚያው 25 ደቂቃ፣ እስከ ዛሬ በቦታቸው አሉ። በእኔ እምነት ሰዋስውን በጥንቃቄ ከሚፈትሹ ክፍሎች ይህን የሚያህል የለም።

ኤስኤቲ በተባለው የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ደግሞ ከመጋቢት 2005 እስከ ጥር 2016 በጽሑፍ ክፍሉ ከቀረቡት 49 የምርጫ ጥያቄዎች 18ቱ የዚህ ዓይነት ነበሩ። ቶይክ የተባለው የሥራ እንግሊዝኛ ፈተና እስከ 2006 ማሻሻያው ድረስ ይጠቀምበት ነበር። በሕንድ የመንግሥት ሥራ መቀጠሪያ ፈተናዎችም ዓረፍተ ነገርን በክፍልፋይ እየለያየ የሚያቀርብ ዘመዱ አለ።

በቶፍልና በኤስኤቲ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ቢመስልም አፈታቱን ይለውጠዋል። በቶፍል ከአራቱ አንዱ የግድ ስሕተት ነው። ስለዚህ ሦስቱ ትክክል መሆናቸውን ያረጋገጠ ሰው አራተኛውን ለምን ስሕተት እንደ ሆነ ባያውቅም እንኳ መልሱን አግኝቷል። በኤስኤቲ አምስተኛ ምርጫ ነበረ፤ «ስሕተት የለበትም» የሚል። በዚያ ላይ የተሳሳተ መልስ ሩብ ነጥብ ያስቀንስ ስለነበር ማጣራት ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ስሕተቱን በስሙ መጥራት ያስፈልግ ነበር።

አሁን ወደ አፈታቱ እንግባ። ሁሉም የሚቆምበት አንድ መሠረት አለ፦ ያልተሰመረበት ቃል አይነካም። እርሱ እንደ ምስክር ነው፤ የተሰመረበት ቃል የሚመዘነው በእርሱ ነው። የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር እኔ አዘጋጅቼዋለሁ፤ እንግሊዝኛውን በድምፁ በፊደላችን ጽፌ የሚሰመርበትን ክፍል በማዕዘን ቅንፍ አጥሬዋለሁ።

«ዘ ኳሊቲ ኦፍ ዘ ኮፊ ቢንስ ሀ[ግሮውን] ኢን ዘ ሃይላንድስ ለ[ዲፔንድ] ኦን ሃው ሐ[ኬርፉሊ] ዘ ቤሪስ መ[አር ድራይድ]።»

ትርጉሙ «በደጋ የሚበቅለው የቡና ፍሬ ጥራት የተመካው ፍሬው በምን ያህል ጥንቃቄ እንደ ደረቀ ላይ ነው» የሚል ነው። ወደ ምርጫዎቹ ከመሄድ በፊት ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ አንብቦ ማሰሪያ አንቀጹንና ባለቤቱን መለየት ይገባል። ማሰሪያው «ዲፔንድ» ነው። የተመካው ምንድን ነው? ፍሬው ወይስ ጥራቱ? ጥራቱ ነው። ይህን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ምልክት አድርጎ መያዝ ነው። ከዚያ በኋላ አራቱን በየተራ መፈተሽ ይቻላል።

ሀ «ግሮውን» ነው። ግስ ይመስላል፤ ነገር ግን የዓረፍተ ነገሩን ማሰሪያ ለይተን ስለያዝን ይህኛው ማሰሪያ ሊሆን አይችልም። ሥራው ፍሬውን መግለጽ ነው፤ «የሚበቅለው» እንደማለት። ፍሬውን ገበሬው ያበቅለዋል እንጂ ፍሬው ሌላ ነገር አያበቅልም፤ ስለዚህ ተደራጊውን ስሜት የሚያሳየው ይህ ቅርጽ ትክክል ነው። «ግሮዊንግ» ቢሆን ምን ይላል ብሎ መጠየቅ ያባክናል፤ የሚጠየቀው የቀረበው ይሠራል አይሠራም ነው። ይሠራል፤ እንለፈው።

ለ «ዲፔንድ» ነው። ግስ ሲሰመርበት ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ቁጥሩ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል? ጊዜው ከቀረው ጋር ይሄዳል? አድራጊ ነው ወይስ ተደራጊ? ባለቤቱ «ኳሊቲ» ነጠላ ነው። የሦስተኛ መደብ ነጠላ ባለቤት በአሁን ጊዜ ግሱ መጨረሻ ላይ «ስ» ይፈልጋል፤ «ዲፔንድስ» ሊሆን ይገባ ነበር። ስሕተቱ ይህ ነው። በመካከል «ቢንስ» እና «ሃይላንድስ» የሚሉ ሁለት የብዙ ቁጥር ስሞች ተሰክተዋል፤ ጆሮ ከግሱ አጠገብ የሚሰማው እነርሱን ነው። አዘጋጁ ሆን ብሎ ያስገባቸው ተፈታኙ ባለቤቱን ከቅርብ እንዲፈልግ ነው። «ኦፍ» ከሚለው መስተዋድድ ጀምሮ እስከ ግሱ ያለውን በጣት ሸፍኖ ማንበብ ወጥመዱን ይገልጠዋል፤ «ዘ ኳሊቲ ... ዲፔንድ» ለማንም አይጥምም።

መልሱ ቢገኝም የቀሩትን ሁለቱን መፈተሽ አይቀርም፤ ሴኮንዶች ብቻ ይወስዳል። ሐ «ኬርፉሊ» ተውሳከ ግስ ነው። የሚገልጸው ማድረቁን ነው፤ ማድረቅ ግስ ስለሆነ ተውሳከ ግስ ይገባዋል፤ ቅጽሉ «ኬርፉል» ቢሆን ኖሮ ስሕተት ይሆን ነበር። መ «አር ድራይድ» የብዙ ቁጥር ነው፤ ባለቤቱ «ቤሪስ» ብዙ ነው፤ ፍሬውን ሰው ያደርቀዋል እንጂ ፍሬው ሌላ ነገር አያደርቅም፤ ትክክል ነው። ሦስቱ ነጻ ወጥተዋል፤ መልሱ ለ ነው።

በመጨረሻ አንድ ማረጋገጫ ይቀራል፦ የተሰመረበትን ብቻ ለውጬ ዓረፍተ ነገሩ ይስተካከላል? «ዲፔንድ» ወደ «ዲፔንድስ» ሲለወጥ ሌላ ምንም ሳይነካ ይስተካከላል። ለማስተካከል ያልተሰመረበትን ቃል መንካት ካስፈለገ መልሱ ያ አይደለም። ለምሳሌ «ቦዝ» የሚለው ቃል ሳይሰመርበት «ኦር» ከተሰመረበት ምስክሩ «ቦዝ» ነውና «ኦር» ወደ «ኤንድ» መለወጥ አለበት። «ኦር» ሳይሰመርበት «ቦዝ» ቢሰመርበት ደግሞ ያው ጥንድ በተገላቢጦሽ ይታረማል፤ «ቦዝ» ወደ «አይዘር» ይለወጣል። ስሕተቱ አንድ ሆኖ ሳለ መልሱን የወሰነው መስመሩ ነው።

የተሰመረበት ተውላጠ ስም ከሆነ በማን ፈንታ እንደ ገባ በጣት እስከሚያመለክቱ ድረስ መፈለግ ነው። ስም ከሆነ ይቆጠራል አይቆጠርም፣ ነጠላ ነው ብዙ ተብሎ ይጠየቃል። መስተዋድድ ከሆነ ከፊቱ ያለው ግስ ወይም ቅጽል የትኛውን እንደሚፈልግ ማወቅ ይጠይቃል፤ ይህ በብልሃት አይገኝም፣ በንባብ ብቻ ይያዛል።

እንግሊዝኛ አፍ የፈታ ተፈታኝ «ጆሮዬን ይጎረብጠኛል» ብሎ ስሕተቱን ሊያገኝ ይችላል። አማርኛ ተናጋሪ ግን በጆሮው ቢተማመን በተለይ በሦስት ቦታ ይታለላል። የመጀመሪያው ቁጥር ነው። እኛ «ሦስት በግ»፣ «አምስት መጽሐፍ» ስንል ቁጥሩ ብዙነቱን ስለነገረን ስሙ ነጠላ ሆኖ ይቀራል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ፋይቭ ቡክ» ስሕተት ነው፤ ጆሯችን ግን አይቆረቁረውም። ሁለተኛው ተሳቢ ነው። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል «ገዛሁት» ላይ ያለችው «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች። ስለዚህ «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት» ስንሰማ ሙሉ ይመስለናል፤ በእንግሊዝኛ «ኢት» ትርፍ ነው። ሦስተኛው «ምንም እንኳ» ነው። «ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን መጣ» ማለት ለእኛ የተለመደ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ካለ «በት» አብሮ አይገባም። ተማሪዎቼን ሳይ፣ ደካማ የሚባሉት ብቻ ሳይሆኑ ጎበዞቹም እነዚህን ሦስቱን ያልፏቸዋል፤ ከአማርኛችን የመጡ ናቸውና ስሕተት አይመስሏቸውም።

«ስሕተት የለበትም» የሚለው ምርጫ ፈተና አዘጋጆችንም አከራክሯል። በጥቅምት 2002 በተሰጠው የኤስኤቲ መለማመጃ ፈተና የቶኒ ሞሪሰን ሊቅነት ልብ ወለዶችን እንድትጽፍ እንደሚያስችላት የሚናገር ዓረፍተ ነገር ቀርቦ ነበር፤ ይፋዊ መልሱም ስሕተት የለበትም የሚል ነበር። በሜሪላንድ የሚያስተምር አንድ የጋዜጠኝነት መምህር ተቃወመ። «የቶኒ ሞሪሰን» የሚለው የባለቤትነት ቅርጽ ነው፤ ስለዚህ «ኸር» የሚለው ተውላጠ ስም በፈንታው የሚገባለት ስም የለም አለ። አዘጋጆቹ በመጀመሪያ ቢቃወሙም በ2003 ጥያቄውን ከውጤት አውጥተዋል። እኔ በዚህ ላይ ከመጀመሪያው መልስ ጎን ነኝ። «የአልማዝ ጉብዝና ፈተናውን እንድታልፍ አስቻላት» ሲባል «ላት» ለማን እንደ ሆነ የሚጠራጠር የለም፤ በእንግሊዝኛም ጥሩ ጸሐፊዎች እንዲህ ይጽፋሉ። መምህሩ የጠቀሰው ደንብ ግን በአንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ ስለተጻፈ ለፈተና የሚበቃ እርግጠኝነት አልነበረም።

በመጋቢት 2016 የተጀመረው አዲሱ ኤስኤቲ መልኩን ለወጠ። አንድ ቦታ ብቻ ይሰመርበት ነበር፤ ለእርሱም አራት አማራጭ ይቀርብ ነበር፤ የመጀመሪያው ምርጫ ብዙውን ጊዜ ቃሉ እንዳለ ይቀመጥ የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ተፈታኙ የሚፈልገው የስሕተቱን ቦታ አልነበረም፤ ማረሚያውን ነበር።