«ጠቅላላ ውክልና» ለጡረታ ጉዳይ የማይበቃው መቼ ነው?

ዋሽንግተን የምትኖር ሴት፣ ጎንደር አስተማሪ የነበረው ባሏ አርፎ የተተኪ ጡረታ እንድታስፈጽምላት እኅቷን ወከለች እንበል። ኤምባሲው ማኅተሙን ሲያሳርፍ ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ገና ነው፤ ያንን ማኅተም አዲስ አበባ ያለው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ አለበት። እኅት ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ጎንደር ወዳለው ጡረታ ቢሮ ብትሄድ ሊመልሷት ይችላሉ።

ዋናው ጣጣ ግን ይዘቱ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 መሠረት በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ፣ ማለትም ንብረት እንደ መጠበቅና ገንዘብ እንደ መሰብሰብ ያለ ሥራ፣ ብቻ ነው። ክስ ለመመሥረት ወይም ለመታረቅ አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ማመልከቻው ተቀባይነት ካጣ እኅት እጇን አጣጥፋ ትቀራለች ማለት ነው። ስለዚህ «የጡረታ መብቴን እንድታስከብር፣ ማስረጃ እንድታቀርብ፣ አበሉን እንድትቀበል፣ ይግባኝ እንድትል፣ እንድትከስ» ተብሎ አንድ በአንድ ይጻፍ። ረዘመ ብሎ የሚቆጣ የለም።

ስም ላይም ጠንቀቅ ነው። ሴትዮዋ ውጭ አገር የባሏን ቤተሰብ ስም ወስዳ ከሆነ ፓስፖርቷና የጋብቻ ማስረጃዋ አይገጥሙም። ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ የተረጋገጠ ማስረጃ ከውክልናው ጋር አብሮ ይላክ።