የዲዛይን ሥራ ናሙና ሲላክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሠላሳ ሥራ ካለኝ ሠላሳውንም ልላክ፤ አንዱ ይወደድልኛል።»

ናሙናውን የሚያየው ሰው የሚፈልገው አመልካቹ የአሠሪውን ድርጅት ዓይነት ሥራ መሥራት መቻሉን ማወቅ ነው። ማስታወቂያው የማሸጊያ ዲዛይነር ካለ የሠርግ ጥሪና የልደት ባነር ቢያምሩም ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆኑም። ቁጥር ካልተነገረዎት ከአራት እስከ ስድስት ሥራ በቂ ነው፤ ለቦታው በጣም የሚቀርበው ይቅደም። ደካማ ሥራ ደግሞ ዝም ብሎ አይታለፍም። ተመልካቹ «ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ይችላል ወይ?» ብሎ እንዲጠራጠር ያደርጋል።

«ጥሩ ዲዛይን ራሱ ይናገራል፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም።»

ብዙ ጎበዝ ልጆችን ቦታ ያሳጣል ብዬ የማምነው ይሄኛው ነው። ባለ 250 ግራም የቡና ማሸጊያ ልካችኋል እንበል። ሁለት ቀለም ብቻ ነው ያለው። ምስሉን ብቻ የሚያይ ሰው ቀለም መምረጥ ያቃታችሁ ሊመስለው ይችላል። ሎጎውን ማን እንደሠራው፣ የዲዛይኑን መታተም አለመታተም አያውቅም። ከሥር ግን እንዲህ ቢጻፍስ?

> «የ250 ግራም ቡና ማሸጊያ፣ ቡና ቆልቶ ለሚሸጥ አንድ አነስተኛ ድርጅት። የኅትመት ወጪን ለመቀነስ ከሁለት ቀለም በላይ መጠቀም አይቻልም ነበር። ስለዚህ ሦስቱን የቡና ዓይነቶች በቀለም ሳይሆን ከፊት በሚታይ ትልቅ የአማርኛ ፊደል ለየኋቸው። የፊደል አደራደሩና ሥዕሉ የእኔ ነው፤ ሎጎው ቀድሞ የነበረ ነው። ታትሞ ለሽያጭ ቀርቧል።»

አሁን ሁለቱ ቀለሞች ችግር መፍታትን የሚያሳዩ ሆኑ። ጽሑፉ ለማን እንደተሠራ፣ ምን እንደከለከላችሁ፣ ምን እንደወሰናችሁ፣ የእናንተ ድርሻ የቱ እንደሆነና ሥራው የት እንደደረሰ ይናገራል። ከዚህ አይርዘም። «ዘመናዊና ማራኪ» የሚሉ ቃላትን ተዉአቸው፤ ማራኪ መሆኑን ተመልካቹ ራሱ ያያል።

የእናንተን ድርሻ የሚገልጸውን ዓረፍተ ነገር በፍጹም አትዝለሉት። በቡድን የሠራችሁትን ሁሉ የራሳችሁ አስመስላችሁ ብትልኩ፣ በቃለ መጠይቁ ላይ «ይህን ሎጎ እንዴት ደረስክበት?» የሚል አንድ ጥያቄ የቀሩትንም ሥራዎች ያስጠረጥራል። ደንበኛ ሳይኖር ለልምምድ የሠራችሁትም ቢሆን አያሳፍርም፤ «በራሴ ተነሳሽነት የሠራሁት» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

«ሊንኩ እኔ ጋ ይከፈታል፤ እነሱም ጋ ይከፈታል።»

እናንተ ጋ የሚከፈተው የፋይሉ ባለቤት ሆናችሁ በአካውንታችሁ ስለገባችሁ ነው። ጎግል ድራይቭ ላይ የተጫነ ፋይል ካልቀየራችሁት በስተቀር `Restricted` ነው። አሠሪው ሲነካው ፈቃድ ጠይቅ የሚል ገጽ ይመጣበታል፤ ብዙ አመልካች ያለበት ሰው ደግሞ ፈቃድ እስኪሰጠው አይጠብቅም። `Share` ውስጥ ገብታችሁ `General access` የሚለውን ወደ `Anyone with the link` ቀይሩት፤ ሚናውም `Viewer` ይሁን። ከዚያ ሊንኩን አካውንታችሁ በማይታወቅበት የብራውዘር ኢንኮግኒቶ መስኮት ክፈቱት። በአካውንት ግቡ የሚል ጥያቄ ሳይመጣ ከታየ አሠሪውም ጋ ይታያል። ከላካችሁም በኋላ ፋይሉን አታጥፉት፤ ከሳምንታት በኋላ የሚከፍት አለ።

«ጥራቱ እንዳይቀንስ ዋናውን የኢሉስትሬተር ፋይል ልላክ።»

የሰው ኃይል ክፍል ባልደረባ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ ኢሉስትሬተር የለም። ቢኖርም የተጠቀማችሁበት የአማርኛ ፎንት ከሌለ ፕሮግራሙ በሌላ ይተካውና የደከማችሁበት የፊደል አደራደር ይፈርሳል። ፒዲኤፍ ግን ፎንቱን ይዞ ይሄዳል። ምስሎቹን ለስክሪን በሚበቃ መጠን አሳንሱ፤ ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አባሪ አድርጎ አይልክም፣ ከ10 በታች ቢሆን ደግሞ በስልክም ቶሎ ይወርዳል። በቴሌግራም ላኩ ከተባላችሁ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ፤ በፎቶ ሲላክ ምስሉ ስለሚታመቅ ማሸጊያው ላይ ያሉት ትንንሽ ጽሑፎች ይደበዝዛሉ። የፋይሉ ስም ላይ ስማችሁና የሥራ መደቡ ይኑር።

«ፖርትፎሊዮው ካለ ኢሜይሉ ባዶ ቢሆንም ችግር የለውም።»

በባዶ ኢሜይል የመጣ ሊንክ ማን እንደላከውና ለየትኛው ቦታ እንደሆነ አይናገርም። አዲስ ኢሜይል ከመጀመር ናሙና ለጠየቃችሁ መልእክት ራሱ መልስ ስጡ። ይህን ያህል ይበቃል፦

> «ጤና ይስጥልኝ። በጠየቃችሁኝ መሠረት ለማሸጊያ ዲዛይነር የሥራ መደብ አራት ሥራዎችን ልኬያለሁ። ሊንኩ ከታች አለ፤ ያለ አካውንት ይከፈታል። አልከፈት ካለ የተያያዘው ፒዲኤፍ ያው ነው። ከሥራችሁ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ገጽ 1 ላይ ያለው የቡና ማሸጊያ ነው። ከአክብሮት ጋር» — ከዚያ ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር።