የኤምፒስሪ ታግ ምንድን ነው?

ከቴሌግራም ቻናል ያወረዳችሁት ዘፈን ሲከፈት፣ በዘፋኙ ስም ቦታ የቻናሉ ስም፣ በአልበሙ ሽፋን ቦታ ደግሞ የቻናሉ ሎጎ ይመጣል። የፋይሉን ስም ሪኔም ብታደርጉትም ለውጥ የለም። ማጫወቻው የሚያነበው የፋይሉን ስም ሳይሆን ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን መረጃ ነውና። ይህ መረጃ ታግ ይባላል፤ በኤምፒስሪ ፋይል ላይ የሚጻፍበት ሥርዓት ደግሞ ID3 ነው።

የመጀመሪያው ID3 በፋይሉ መጨረሻ ላይ የሚቀመጥ 128 ባይት ብቻ ነበር። ለርዕስ 30፣ ለዘፋኝ 30፣ ለአልበምም 30 ባይት ይሰጣል፤ ለሥዕል ቦታ የለውም። በኋላ የመጣው ID3v2 ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ርዝመቱም እንደ ይዘቱ ይሰፋል። ርዕሱ TIT2፣ ዘፋኙ TPE1፣ ሽፋኑ APIC በሚባል ክፍል ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ታጎች አንድ ፋይል ላይ አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ አዲሱን አስተካክላችሁ አሮጌው ከታች ቢቀር አንዳንድ ማጫወቻ አሮጌውን ያሳያል።

ለእኛ ዋናው ራስ ምታት ፊደሉ ነው። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ግን ስክሪኑ ራሱ ይናገራል። «ትዝታ» ብላችሁ የጻፋችሁት «???» ሆኖ ከመጣ፣ ታጉ ሲጻፍ የላቲን ፊደል ብቻ በሚያውቅ ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት ሥርዓት፣ ተጽፏል፤ ፊደሉ ጠፍቷልና እንደገና ከመጻፍ ሌላ መላ የለም። á እየተደጋገመ የተዘበራረቀ ጽሑፍ ከታየ፣ የግዕዝን ፊደል በሚያውቀው ዩቲኤፍ-8 ኢንኮዲንግ የተጻፈውን ማጫወቻው እንደ ላቲን አንብቦታል ማለት ነው። ባዶ ሳጥኖች ብቻ ከተደረደሩ ግን ታጉ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው፤ የግዕዝ ፎንት የሌለው መሣሪያው ነው። የመኪና ቴፕ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ለመኪናው በተለየ ፍላሽ ላይ ርዕሱን Tizita ብሎ በላቲን ከመጻፍ የተሻለ መፍትሔ አላየሁም።

ለማስተካከል Mp3tag የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። መጀመሪያ Tools፣ Options፣ Tags፣ Mpeg ድረስ ገብታችሁ አጻጻፉን `ID3v2.3 UTF-16` አድርጉት። አዲሱ 2.4 ዩቲኤፍ-8ን ይቀበላል፤ የቆዩ መሣሪያዎች ግን 2.3ን ይመርጣሉ። ከዚያ ዘፈኑን ከፍታችሁ Title እና Artist ላይ ትሞላላችሁ፣ ሽፋኑን ትጨምራላችሁ፣ Save ትላላችሁ። ድምፁ ዳግም ስለማይታመቅ ጥራቱ አይነካም።

የዘፋኝ ስም ስትጽፉ አንድ አጻጻፍ ያዙ። «ዓለማየሁ» እና «አለማየሁ» ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ማጫወቻው ግን ሁለት ዘፋኝ አድርጎ ይዘረዝራቸዋል። ብዙ ዘፋኞች ያሉበት አልበም ከሆነ ደግሞ Album Artist የሚለውን ለሁሉም ዘፈኖች አንድ ዓይነት ሙሉ፤ አለዚያ አንዳንድ ማጫወቻ አልበሙን በየዘፋኙ ይበታትነዋል።

ለሽፋኑ በአራቱም ጎን እኩል የሆነ ጄፔግ፣ 600 በ600 ፒክሰል ያህል፣ ይበቃል። ሥዕሉ እያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ለየብቻ ስለሚገባ፣ 2 ሜጋባይት የሆነ ሽፋን 12 ዘፈን ባለው አልበም ላይ 24 ሜጋባይት ይጨምራል። ሽፋኑ ስልክ ላይ እየታየ መኪና ላይ እምቢ ካለ፣ ሥዕሉን ፕሮግሬሲቭ ባልሆነ ተራ ጄፔግ መልሳችሁ አስቀምጡና ሞክሩት።