ሁለት የሥራ ግብዣዎችን በእጅ በሚቀር ገንዘብ ማወዳደር ምንድን ነው?

በእጅ የሚቀር ገንዘብ ማለት ከደመወዝና ከአበል ድምር ላይ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ከተቀነሰ በኋላ፣ ወደ ሥራ ለመመላለስ የሚወጣውም ወጪ ሲነሳለት ለኑሮ የሚተርፈው ነው። ቀጣሪዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ያልተጣራውን ድምር በመሆኑ፣ ሁለት ግብዣ የቀረበለት ሰው ትልቁን ቁጥር ብቻ አይቶ ሊወስን ይችላል።

ደሴ የሚኖር አንድ ሠራተኛ እዚያው ደሴ በ12,000 ብር መነሻ ደመወዝ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ10,000 ብር መነሻ ደመወዝና በ4,500 ብር የቤት አበል ሥራ ቀረበለት እንበል። በገንዘብ የሚከፈል የቤት አበል እንደ ደመወዙ ግብር ይከፈልበታል፤ 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ግን የሚታሰበው በመነሻ ደመወዙ ላይ ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የግብር ምጣኔ መሠረት የደሴው ሥራ 2,250 ብር ግብርና 840 ብር ጡረታ ተቀንሶለት 8,910 ብር ይደርሳል። የኮምቦልቻው ከ14,500 ብር ላይ 3,025 ብር ግብርና 700 ብር ጡረታ ሲነሳለት 10,775 ብር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ኮምቦልቻ በ1,865 ብር ይበልጣል።

ውሳኔውን የሚለውጠው መንገዱ ነው። በወር 26 የሥራ ቀን ቢኖር፣ ደሴ ውስጥ በባጃጅ ደርሶ መልስ 40 ብር የሚያወጣ ሰው 1,040 ብር ይከፍላል። በሐረጎ በኩል ወርዶ ኮምቦልቻ ለመመላለስ፣ ከሚኒባሱ በፊትና በኋላ ያለውን ባጃጅ ጨምሮ በቀን 150 ብር ቢያወጣ ግን ወጪው 3,900 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ከደሴው ሥራ 7,870 ብር፣ ከኮምቦልቻው 6,875 ብር ይቀራል ማለት ነው። ታሪፍ ስለሚለዋወጥ እያንዳንዱ ሰው የሚከፍለውን ትክክለኛ ዋጋ ማስገባት አለበት፤ በተለይ ከዋናው መንገድ እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ያለችው አጭር ጉዞ ስለምትረሳ ስሌቱን ታበላሻለች።

የኮምቦልቻው ሥራ የሚያዋጣው የደርሶ መልስ ወጪው በቀን ከ111 ብር ሳይበልጥ ሲቀር ነው። በመሆኑም ድርጅቱ ሰርቪስ እንዳለውና መኪናው ደሴ ድረስ መውጣቱን መጠየቅ ከደመወዝ ክርክር ይቀድማል ብዬ አምናለሁ። ሰርቪስ ከሌለ ደግሞ የ995 ብሩን ልዩነት ለመሙላት 995 ብር ጭማሪ አይበቃም። ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ 35 በመቶ ግብር ስለሚቆረጥ፣ ጭማሪው ግብር በሚከፈልበት አበል ከሆነ 1,531 ብር ገደማ፣ ጡረታ በሚነካው መነሻ ደመወዝ ላይ ከሆነ 1,716 ብር ገደማ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ አሠሪው የሚያዋጣውን 11 በመቶ ጡረታም ስለሚያሳድግ፣ በድርጅቱ ለረጅም ጊዜ ለመቆየት ላሰበ ሰው የተሻለ ነው።